የጸደቀው የትኛው ነው? የበጀት ፋይል ስሪት አያያዝ በአንድ የአቃቂ ጤና ጣቢያ ምሳሌ

የአንድ መሥሪያ ቤት በጀት ዓመቱን ሙሉ አንድ ፋይል ሆኖ አይዘልቅም። በበጀት ጥሪ ጊዜ ረቂቅ ነው፤ ጣሪያው ሲደርስ ይከረከማል፤ ምክር ቤት ሲያጸድቀው ቁጥሩ ይረጋል። ከዚያ በኋላም ዝውውር በተፈቀደ ቁጥር ከአንዱ የሒሳብ መደብ ተቀንሶ በሌላው ላይ ይጨመራል፤ ተጨማሪ በጀት ከመጣ ደግሞ ጠቅላላው ድምር ራሱ ይለወጣል። የስሪት አያያዝ፣ በቢሮ አነጋገር የቨርዥን ቁጥጥር፣ እነዚህን ደረጃዎች ለይቶ የሚያስቀምጥ አሠራር ነው። በማንኛውም ቀን ፋይሉን የከፈተ ሰው የሚያየው ቁጥር በየትኛው ደብዳቤ እንደተፈቀደ ማወቅ ከቻለ አሠራሩ አለ ማለት ነው። ካልቻለ ግን ፋይሉ ምንም ያህል ቢያምር የግል ማስታወሻ ከመሆን አያልፍም።

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች ሁሉ ጤና ጣቢያዎች፣ ትምህርት ቤቶችና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አሉ። በደብረ ዘይት መንገድ ዳርና ዳር ካሉት አሮጌ የፋብሪካ ሰፈሮች እስከ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ድረስ ተበታትነዋል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሚቆጠር ሰኔ የመዝጊያ ወር ነው፤ የሁሉም በጀትና ሒሳብ ክፍል በአንድ ጊዜ ይጨናነቃል። በዚህ ወር ፋይሉ በፍላሽ ወደ ፋይናንስ ይሄዳል፣ በቴሌግራም ይመለሳል፣ ኃላፊው በስልኩ ይከፍተዋል፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ዴስክቶፕ ላይ ታስቀምጠዋለች። መብራት ሲጠፋ ኤክሴል በራሱ ያዳነው ቅጂ ይጨመራል። ሁለት ጊዜ የወረደ ፋይል ደግሞ ስሙ ላይ በቅንፍ ቁጥር ይለጠፍበታል። ሰኔ ሲጋመስ ፎልደሩ ውስጥ የሚታየው ይህን ይመስላል፦

```
budget 2017.xlsx
budget 2017 final.xlsx
budget 2017 final (2).xlsx
budget final yetestekakele.xlsx
budget LAST.xlsx
```

ከአምስቱ የጸደቀው የቱ ነው? ስሞቹ አይናገሩም። ብዙ ሰው መጨረሻ የተነካውን በቀኑ ለመለየት ይሞክራል፤ ግን ኮምፒውተሩ የሚያሳየው የተሻሻለበት ቀን በዚህ ጉዳይ ላይ አይታመንም። አንድ ሰው ያለፈውን ዓመት ፋይል ለማየት ከፍቶ፣ የአምድ ስፋት ብቻ አስተካክሎ ሴቭ ቢያደርገው ያ ፋይል የዛሬ ይሆናል። የጸደቀውን ከረቂቁ የሚለየው ፊርማና ማኅተም ነው፤ ፊርማው ያለው ደግሞ በደብዳቤው ላይ ነው። ስለዚህ የስሪት አያያዝ ሥራው በሙሉ ፋይሉን ከደብዳቤው ጋር ማሰር ነው።

የስሪት ቁጥሩ መሠረት የሚይዘው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ የሚለወጠው ፋይሉ በተነካ ቁጥር ሳይሆን ሥልጣን ያለው አካል በፈቀደ ቁጥር ነው። ከመጽደቁ በፊት ያለው ሁሉ በዜሮ ይጀምራል፦ 0.1፣ 0.2፣ 0.3። እነዚህ ረቂቆች ናቸው፤ የፈለገውን ያህል ሊበዙ ይችላሉ። ምክር ቤት ያጸደቀው በጀት ለመሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ሲታወቅ 1.0 ይሆናል። ጠቅላላ ድምሩ ሳይነካ ከመደብ ወደ መደብ የሚደረግ ዝውውር ሲፈቀድ ከነጥቡ በኋላ ያለው ብቻ ያድጋል፦ 1.1፣ 1.2። ጠቅላላው ድምር ከተለወጠ፣ ማለትም ተጨማሪ በጀት ከታወጀ ወይም በጀት ከተቀነሰ፣ ከነጥቡ በፊት ያለው ያድግና 2.0 ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ቁጥሩን ያየ ሰው ፋይሉን ሳይከፍት ሁለት ነገር ያውቃል፤ በጀቱ ጸድቋል ወይስ አልጸደቀም፣ ድምሩስ መጀመሪያ ከጸደቀው ጋር አንድ ነው ወይስ አይደለም። ገና ያልተፈቀደ የዝውውር ጥያቄ የስሪት ቁጥር አይወስድም። ጥያቄው ውድቅ ቢሆን የተያዘለት ቁጥር ክፍት ቀርቶ፣ ከዓመት በኋላ የሚመጣው ኦዲተር የጠፋ ፋይል አለ ብሎ እንዳይፈልግ ነው።

የፋይሉ ስም ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ጥሩ ስም የበጀት ዓመቱን፣ የመሥሪያ ቤቱን መለያ፣ የበጀቱን ዓይነት፣ ስሪቱንና የደብዳቤውን ቀን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይይዛል፦

```
EC2017_HC_REC_v1.0_20161115.xlsx
EC2017_HC_REC_v1.1_20170312.xlsx
```

የመጀመሪያው `EC2017` የ2017 የበጀት ዓመትን ይነግራል፤ `HC` ጤና ጣቢያው ነው፤ `REC` መደበኛ በጀት ነው፤ ለካፒታል `CAP`፣ ለውስጥ ገቢ `INT` ይጻፋል። መደበኛውና ካፒታሉ በአንድ ፋይል እንዳይቀላቀሉ የሚደረገው በምክንያት ነው። የፌዴራሉ የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 648/2001 ከካፒታል ወደ መደበኛ በጀት ማዛወርን አይፈቅድም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ እንዲህ ያለው የማይፈቀድ ዝውውር በአንድ የኤክሴል ገጽ ላይ በቀላሉ ሊፈጸምና ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል።

ከዓመቱ በፊት `EC` መጻፉ ትርፍ ፊደል ሊመስል ይችላል። በኢትዮጵያ ቢሮ ግን ሁለት የዘመን አቆጣጠር በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ይኖራል። ባለሙያው በኢትዮጵያ ያስባል፣ ማሽኑ በአውሮፓ ይቆጥራል፣ የአጋር ድርጅት ሪፖርትም ብዙ ጊዜ በአውሮፓ ይጠየቃል። `budget 2017` የሚል ስም ለአንዱ በ2016 ሐምሌ የተጀመረው ዓመት ነው፤ ለሌላው ግን ሰባትና ስምንት ዓመት ወደኋላ ይርቃል። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ መምታታት አለ። የበጀት ዓመቱ በሐምሌ ስለሚጀምር ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን የቀን መቁጠሪያቸው 2016 ሆኖ ሳለ በጀታቸው የ2017 ነው። ከላይ ያለው የመጀመሪያ ፋይል ስም ይህንኑ ያሳያል፤ ዓመቱ 2017፣ የደብዳቤው ቀን ግን ሐምሌ 15 ቀን 2016 ነው። ስሙ ሁለቱንም ለየብቻ ካልያዘ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የሚወጡት ፋይሎች ወደ ተሳሳተ ፎልደር ይገባሉ።

ቀኑ ስምንት አኃዝ ሆኖ ከዓመት ወደ ወር፣ ከወር ወደ ቀን ይጻፋል። መስከረም 01 ሆኖ ይጀምርና ሐምሌ 11፣ ነሐሴ 12፣ ጳጉሜን 13 ይሆናሉ። በዚህ አጻጻፍ ፋይሎቹ በስም ሲደረደሩ በጊዜም ይደረደራሉ፤ `20161303` ማለትም ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ከ`20161230` በኋላና ከ`20170101` በፊት ራሱ ቦታውን ይይዛል። የለመድነው የቢሮ አጻጻፍ በእዝባር መስመር ነው፣ 15/11/2016 እንደማለት። ዊንዶውስ ግን ይህን መስመር በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም። ጽ/ቤት፣ ጤ/ጣ፣ ወ/10 የሚሉት አሕጽሮቶች በስም ውስጥ የማይገቡትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጸሐፊው መስመሩ እንቢ ሲለው በነጥብ ወይም በባዶ ቦታ ይተካዋል፣ ሌላው በሰረዝ ይተካዋል፣ አንድ ወጥነቱ ከዚያ ይፈርሳል።

ስሙን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል፤ ዊንዶውስ አይከለክልም። ችግሩ ፍለጋው ላይ ነው። ደመወዝ በሁለት ዓይነት፣ ሠራተኛ በሁለት ዓይነት፣ ጽሕፈት ደግሞ ከዚያም በበለጠ ዓይነት ይጻፋል። አንዱ በ«ሠ» ያስቀመጠውን ሌላው በ«ሰ» ሲፈልገው ኮምፒውተሩ የለም ይለዋል፤ ፋይሉ ጠፋ ተብሎ አዲስ ይሠራል፤ ሁለት ጸደቀ የሚሉ ፋይሎች ይፈጠራሉ። አጭር የላቲን መለያ ለስሙ ብቻ መጠቀም፣ የፋይሉን ውስጥ ደግሞ በአማርኛ መሥራት ይህን ያስቀራል። መለያዎቹ ምን ማለት እንደሆኑ በዋናው ፎልደር ውስጥ በአንድ ገጽ ቢቀመጥ፣ ታትሞም ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ አዲስ የተቀጠረ ሰው በመጀመሪያ ቀኑ ይለምደዋል።

መዝገቡ ከስሙ ይበልጣል። ስሙ ፋይሉ የትኛው እንደሆነ ይናገራል፤ መዝገቡ ግን ከቀደመው በምን እንደሚለይና ማን እንደፈቀደው ይናገራል። በበጀት ፋይሉ ውስጥ `LOG` የሚባል አንድ ገጽ ይከፈትና ለእያንዳንዱ የተፈቀደ ለውጥ አንድ መስመር ይሰጠዋል። በአምዶቹ ከግራ ወደ ቀኝ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ መዝገብ ቤት የሰጠው የደብዳቤ ቁጥር፣ የተቀነሰበት የሒሳብ መደብ፣ የተጨመረበት የሒሳብ መደብ፣ የብር መጠን፣ መነሻ ስሪት፣ አዲስ ስሪት፣ የፈቀደው ኃላፊ የሥራ መደብና ምክንያቱ ይገባሉ። ጥያቄዎች ገና ሳይፈቀዱ በዚህ ገጽ አይመዘገቡም፤ `REQ` የሚባል ሌላ ገጽ ይኖራቸዋል፣ ውድቅ የሆነውም እዚያው ውድቅ መሆኑ ተጽፎ ይቀመጣል።

በመዝገቡ ውስጥ የተጻፈ መስመር አይሰረዝም። መጠኑ ተሳስቶ ከሆነ የተሳሳተው መስመር እንዳለ ሆኖ፣ ከሥሩ እሱን የሚመልስ ተቃራኒ መስመርና ትክክለኛው መስመር ይጨመራሉ። ይህ ለንብረት ክፍል ሠራተኛ አዲስ ነገር አይደለም። የሞዴል 22 ጥራዝ ላይ የተበላሸ ቅጠል ተቀዶ እንደማይጣልና ተሰርዟል ተብሎ በጥራዙ ውስጥ እንደሚቆይ ያውቃል፤ በጀት መዝገብም ላይ የሚሠራው ያው ሥርዓት ነው።

የቀን አምዱ አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለው። ቀን ሲጻፍ 2017-02-28 ተብሎ ከገባ ኤክሴል የአውሮፓ ፌብሩዋሪ 28 መስሎት ወደ ራሱ የቀን ዓይነት ይቀይረዋል። በማግሥቱ ጥቅምት 29 ሲገባ ግን እንዲህ ያለ ቀን በፌብሩዋሪ 2017 ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። በጳጉሜን የሚገባውም እንዲሁ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። አምዱ በዓይን ሲታይ ደህና ይመስላል፤ በቀን ሲደረደር ግን ቁጥር የሆኑት በአንድ ወገን፣ ጽሑፍ የሆኑት በሌላ ወገን ይሰበሰባሉ። ምልክቱ ቀላል ነው፤ በአንድ አምድ ውስጥ ከፊሉ ቀን ወደ ቀኝ፣ ከፊሉ ወደ ግራ ተጠግቶ ይታያል። በፋይል ስሙ ላይ የተያዘውን የስምንት አኃዝ አጻጻፍ በመዝገቡም መጠቀም፣ ማለትም 20170229 ብሎ ማስገባት፣ ችግሩን ከሥሩ ያነሣዋል።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚታየው በቁጥር ሲሠራ ነው። በአቃቂ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ የ2017 የሥራ ማስኬጃ በጀት ይታሰብ፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ የተዘጋጁ ናቸው። ለጽሕፈት ቤት ዕቃዎች (6212) 180,000 ብር፣ ለኅትመት (6213) 90,000፣ ለሕክምና ዕቃዎች (6214) 1,250,000፣ ለነዳጅና ቅባት (6217) 320,000፣ ለተሽከርካሪ ጥገና (6241) 140,000፣ ለመሣሪያ ጥገና (6243) 120,000። ድምሩ 2,100,000 ብር ነው። ይህ ስሪት 1.0 ነው።

በኅዳር የአምቡላንሱ ማርሽ ተበላሸና ጋራዡ ያቀረበው ዋጋ ከተያዘው በለጠ። ጤና ጣቢያው ከኅትመት 40,000 ብር ወደ ተሽከርካሪ ጥገና እንዲዛወር ጠየቀ፤ ኅዳር 12 ቀን ተፈቀደ። ኅትመት 50,000፣ ተሽከርካሪ ጥገና 180,000 ሆነ። ድምሩ አልተነካምና ፋይሉ 1.1 ነው። በጥር ጀነሬተሩ ጥገና አስፈለገው፤ ከጽሕፈት ቤት ዕቃዎች 50,000 ብር ወደ መሣሪያ ጥገና እንዲዛወር ጥር 20 ቀን ተፈቀደ። ይህ 1.2 መሆን አለበት።

ስሕተቱ የሚፈጠረው በዚህ ሁለተኛ ዝውውር ላይ ነው። በኅዳር ፋይሉን የሠራችው ባለሙያ በጥር ፈቃድ ላይ ናት። እሷን የተካው ሠራተኛ ፍላሹ ላይ ያገኘው 1.0ን ነው፤ የጸደቀ ማኅተም ያረፈበት የሐምሌ ደብዳቤ አብሮት ስላለ አልተጠራጠረም። ከ6212 ላይ 50,000 ቀነሰ፣ በ6243 ላይ ጨመረ፣ ፋይሉን አስቀመጠ። አሁን ፋይሉ ጽሕፈት ቤት ዕቃዎች 130,000፣ ኅትመት 90,000፣ ተሽከርካሪ ጥገና 140,000፣ መሣሪያ ጥገና 170,000 ይላል። የኅዳሩ ዝውውር ከፋይሉ ጠፋ። ድምሩ ግን አሁንም በትክክል 2,100,000 ነው፤ በመጨረሻው መስመር ብቻ የሚያረጋግጥ ሰው ምንም አያገኝበትም። ብዙ የበጀት ቢሮዎች ትልቁን እምነት የሚጥሉት በድምሩ ላይ ስለሆነ ይህ ስሕተት ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

ሲታወቅ በሁለት መንገድ ይታወቃል። በመጋቢት ጤና ጣቢያው የካርድና የማዘዣ ወረቀት ኅትመት በ70,000 ብር ለማሠራት ይጠይቃል፤ ፋይሉ 90,000 ስላለው የሚበቃ ይመስላል። ፋይናንስ ግን በራሱ ሥርዓት ያለው 50,000 ብቻ ነውና ይመልሰዋል። በሌላ በኩል ለተሽከርካሪ እስከዚያ ቀን 165,000 ብር ተከፍሏል፤ በፋይሉ መሠረት በጀቱ 140,000 ስለሆነ ቀሪው ከዜሮ በታች 25,000 ሆኖ ይታያል፤ እውነተኛው ቀሪ ግን 15,000 ነው። ፋይናንስ ከፍሎ ሳለ በመሥሪያ ቤቱ ፋይል ላይ ከዜሮ በታች የወረደ መደብ መታየቱ መነሻው የተሳሳተ ስሪት እንዳለ ከሚጠቁሙት ምልክቶች ዋነኛው ነው። የክፍያ ቁጥጥሩ በጀት የሌለው ወጪ አያሳልፍምና መጀመሪያ የሚመረመረው ክፍያው ሳይሆን ፋይሉ ነው።

በመዝገቡ ላይ «መነሻ ስሪት» የሚለው አምድ የገባው ለዚህ ነው። የጥሩን ዝውውር የሚመዘግበው ሰው መነሻ 1.0፣ አዲስ 1.2 ብሎ ሲጽፍ መሃል ላይ የተዘለለው 1.1 ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ሕጉም አጭር ነው፤ የአንዱ መስመር መነሻ ስሪት ከበላዩ ያለው መስመር አዲስ ስሪት ካልሆነ ሥራው ይቆማል። ከዚህም የተሻለው ግን ባለሙያው የበጀቱን ቁጥር በእጁ መቀየር ጭራሽ እንዳያስፈልገው ማድረግ ነው። በበጀቱ ገጽ ላይ የመደቡ ቁጥር በ`A` አምድ፣ መጀመሪያ የጸደቀው በጀት በ`C` አምድ ከተቀመጠ፣ የተስተካከለው በጀት በ`D` አምድ ከመዝገቡ ራሱ ይሰላል፦

```
=C5-SUMIFS(LOG!$F:$F,LOG!$D:$D,A5)
   +SUMIFS(LOG!$F:$F,LOG!$E:$E,A5)
```

ቀመሩ የጸደቀውን ይወስድና በመዝገቡ ከዚህ መደብ የወጣውን ሁሉ ይቀንሳል፣ ወደዚህ መደብ የገባውን ሁሉ ይጨምራል። የ`C` አምድ ከሐምሌ በኋላ ይቆለፋል። ከዚያ ወዲያ በጀቱን መለወጥ የሚቻለው በመዝገቡ ላይ መስመር በመጨመር ብቻ ነው፤ መስመሩ ደግሞ የደብዳቤ ቁጥር ይጠይቃል። ከላይ የተነገረው የጥር ስሕተት በዚህ አሠራር የሚፈጠርበት መንገድ እጅግ ይጠባል። ሠራተኛው አሮጌውን ፋይል ቢከፍት እንኳ መዝገቡ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ በጥር ወር ባዶ መዝገብ ማየት ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

ተጨማሪ በጀት ሲመጣ የሚቀነስበት መደብ ስለሌለ በ«ተቀነሰበት» አምድ `ADD` ተብሎ ይጻፋል። በምሳሌው መጋቢት 24 ቀን ለሕክምና ዕቃዎች 300,000 ብር ተጨመረ እንበል፤ 6214 ወደ 1,550,000፣ ጠቅላላው ወደ 2,400,000 ያድጋል፣ ስሪቱም 2.0 ይሆናል። ከገጹ ግርጌ አንድ የማረጋገጫ ሕዋስ ይቀመጣል፦

```
=SUM(D5:D10)-SUM(C5:C10)-SUMIFS(LOG!$F:$F,LOG!$D:$D,"ADD")
```

ውጤቱ ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ ካልሆነ አንድ የመደብ ቁጥር በስሕተት ተጽፏል ማለት ነው፤ ለምሳሌ 6241 በሚባልበት ቦታ 6421 ቢጻፍ ብሩ ከአንዱ ወጥቶ የትም አይገባም፣ ሕዋሱም ልዩነቱን ያሳያል። ሁለቱም መደቦች ከተሳሳቱ ግን መስመሩ በጠቅላላው ሳይሠራ ይቀርና ሕዋሱ ዜሮ እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ በሁለቱ የመደብ አምዶች ላይ ቁጥሩ በእጅ ከሚጻፍ ከተዘጋጀ ዝርዝር እንዲመረጥ ማድረግ ያስፈልጋል።

ይህም ቢሆን የማይይዘው ስሕተት አለ፤ ሳይሸሸግ መነገር ይኖርበታል። 6214 እና 6241 ሁለቱም በዝርዝሩ ውስጥ ያሉ ትክክለኛ መደቦች ናቸው፤ አንዱ መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ፣ ሌላው የመኪና ጥገና። አኃዞቹ ስለሚመሳሰሉ በድካም ሰዓት አንዱ በሌላው ቦታ ይመረጣል። ድምሩ አይናወጥም፣ ሕዋሱ ዜሮ ይላል፣ ዝርዝሩም ተቀብሎታል። ይህን የሚይዘው ሁለተኛ ሰው ብቻ ነው፤ ደብዳቤውን በአንድ እጁ፣ መዝገቡን በዓይኑ ይዞ የመደቡን መጠሪያ ጮክ ብሎ የሚያነብ። ከቁጥሩ አጠገብ መጠሪያው በራሱ እንዲወጣ ማድረግ ይህን ንባብ ያቀልለዋል።

የጸደቁት ፋይሎች የሚቀመጡበት ቦታም ከረቂቆቹ ይለያል። አንድ ፎልደር ለሥራ፣ አንድ ፎልደር ለጸደቀ፣ አንዱ ለተቃኙ ደብዳቤዎች ይበቃል። በጸደቀው ፎልደር የሚጽፈው አንድ የተወሰነ ሰው ነው፤ ሌላው ያነባል። እያንዳንዱ የጸደቀ ስሪት ከኤክሴሉ ጋር በፒዲኤፍም ይቀመጣል፤ የተቃኘው ደብዳቤ ደግሞ የስሪቱን ስም ይዞ አጠገቡ ይኖራል። ፋይሉ በቴሌግራም ሲላክ የሚላከው ከጸደቀው ፎልደር ነው፤ ተመልሶ የመጣው ቅጂ ወደዚያ ፎልደር አይገባም። በደመና ማከማቻ የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች ማከማቻው የቀድሞ ቅጂዎችን በራሱ ስለሚይዝ ሌላ መዝገብ አያስፈልግም ብለው ያስባሉ። ይህ አይበቃም። ጉግል ድራይቭ የተጫነን የኤክሴል ፋይል አሮጌ ቅጂ፣ እንዲቆይ ካልታዘዘ በቀር፣ ከ30 ቀን በኋላ ወይም ቅጂው መቶ ሲሞላ ሊያጠፋው ይችላል። የሐምሌን ፋይል የሚፈልገው ኦዲተር ግን የሚመጣው ከዓመት በኋላ ነው። በተጨማሪም ማከማቻው መቼና በማን እንደተነካ እንጂ በየትኛው ደብዳቤ እንደተፈቀደ አያውቅም። የፕሮግራም ጸሐፊዎች ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀሙበት ጊት የተባለው መሣሪያም ለዚህ ሥራ ብዙ አይረዳም፤ የኤክሴል ፋይል ታሽጎ የተጨመቀ ጥቅል ስለሆነ ጊት የትኛው ሕዋስ እንደተለወጠ በራሱ አያሳይም።

የተቀመጠው ፋይል ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ አለመነካቱን ማረጋገጥ ሲፈለግ ዊንዶውስ ውስጥ ያለ አንድ ትእዛዝ በቂ ነው፦

```
certutil -hashfile EC2017_HC_REC_v1.2_20170520.xlsx SHA256
```

ትእዛዙ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ይመልሳል። ሰንሰለቱ በጸደቀበት ቀን ታትሞ ከደብዳቤው ጋር ከታሰረ፣ በኋላ ሲሰላ ተመሳሳይ ከሆነ ፋይሉ አልተነካም። መለየቱ ግን ማጭበርበር አለ ማለት አይደለም፤ ፋይሉን ከፍቶ ምንም ሳይለውጡ ሴቭ ማድረግ ብቻ ሰንሰለቱን ይቀይረዋል። እንዲህ ሲሆን ቁጥሮቹ ከፒዲኤፉ ጋር መደብ በመደብ ይመሳከራሉ።

የመሥሪያ ቤቱ ፋይል የቱንም ያህል ቢስተካከል በጀቱን በሕግ የሚይዘው የፋይናንስ ሥርዓት ነው። በ1990ዎቹ ከተካሄደው የወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ማሻሻያ ጋር የመጣው አይቤክስ የጸደቀውን በጀትና ማስተካከያዎቹን ለየብቻ ይመዘግባል፤ በኋላ የተተከለው ኢፍሚስም እንዲሁ። ስለዚህ በየወሩ የሚደረግ አንድ ማስታረቅ ያስፈልጋል። ፋይናንስ የሚያወጣው የተስተካከለ በጀት ዝርዝር ከፋይሉ `D` አምድ ጋር መደብ በመደብ ይነጻጸራል። ልዩነት ሲገኝ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አይወጣም፤ ደብዳቤው ለጤና ጣቢያው ደርሶ በሥርዓቱ ገና አልገባም፣ በሥርዓቱ ገብቶ ደብዳቤው ለጤና ጣቢያው አልደረሰም፣ ወይም በአንደኛው ወገን መደቡ ተሳስቷል። የልዩነቱ መጠን ከመዝገቡ መስመሮች ከአንዱ ጋር እኩል ከሆነ የመጀመሪያው ነው፤ በመዝገቡ የሌለ መጠን ከሆነ ሁለተኛው፤ በሁለት መደቦች ላይ አንድ መጠን በአንዱ ትርፍ በሌላው ጉድለት ሆኖ ከታየና መደቦቹ እንደ 6214 እና 6241 ተመሳሳይ አኃዝ ካላቸው ሦስተኛው ነው። የታረቀበት ቀንና ያስታረቀው ሰው የሥራ መደብ በመዝገቡ ገጽ ግርጌ ይጻፋል።

ሰኔ 30 ላይ የዓመቱ የመጨረሻ ስሪት ከፋይናንስ ዝርዝር ጋር ታርቆ ይቆለፋል። በሐምሌ ለአዲሱ ዓመት የሚከፈተው ፋይል ከባዶ ቅጽ ይጀምራል እንጂ ያለፈው ዓመት ፋይል ስሙ ተቀይሮ አይሠራበትም። ስሙ የተቀየረ አሮጌ ፋይል የአምናውን መዝገብ ይዞ ይመጣል፤ ቀመሩም ያለፈውን ዓመት ዝውውር በአዲሱ በጀት ላይ ይቀንሳል። ባለሙያ ሲቀየር በርክክብ ሰነዱ ላይ የሚሰፍረው የጸደቀው ፎልደር ዝርዝር፣ የመጨረሻው ስሪት ቁጥር፣ የመዝገቡ የመጨረሻ ተራ ቁጥር፣ ገና ምላሽ ያላገኙ ጥያቄዎችና ለመጨረሻ ጊዜ የታረቀበት ቀን ነው። ተረካቢው ከመፈረሙ በፊት የመዝገቡን የመጨረሻ መስመር ከደብዳቤው ጋር፣ የማረጋገጫ ሕዋሱንም ከዜሮ ጋር ያመሳክራል።